ከደረሰኝ ፎቶ ወደ ሒሳብ ሰንጠረዥ
በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዦችና ሒሳብ ሹሞች የቀረበ ንግግር



የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያትመው ደረሰኝ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል። ስለዚህ ዕቃው በተገዛበት ዕለት ወረቀቱን ዘርግተን፣ ጥላ ሳያርፍበት፣ ከላይ ቀጥ አድርገን ፎቶ እናነሣዋለን። ዋናው ደረሰኝ ግን በፋይሉ ይቀመጣል፤ ፎቶው አይተካውም።

ጽሑፍ አንባቢ የስልክ መተግበሪያ ከፎቶው ቁጥሮቹን ለቅሞ ያወጣልናል። እኛም ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋና ድምር በሚሉ ስድስት ዓምዶች እናሰፍራቸዋለን፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር።

ለምሳሌ ለአጥር ጥገና የተገዛ ዕቃ እንውሰድ። 10 ከረጢት ሲሚንቶ በ1,100 ብር፣ 3 ጣሳ ቀለም በ1,800 ብር፣ 4 ኪሎ ሚስማር በ150 ብር። ደረሰኙ ከግርጌው TXBL1 ብሎ ታክስ የሚከፈልበትን 17,000፣ TAX1 ብሎ የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ 2,550፣ TOTAL ብሎ ጠቅላላውን 19,550 ብር ያሳያል።

መሣሪያው ከገንዘቡ ፊት ኮከብ ምልክት ያትማል። የሚስማሩ ድምር *600.00 ተብሎ ከነኮከቡ ከተለጠፈ ሰንጠረዡ እንደ ቃል እንጂ እንደ ቁጥር አያየውም፤ ሲደምርም በዝምታ ያልፈዋል። ያን ጊዜ ድምሩ 16,400፣ ታክሱ 2,460፣ ጠቅላላው 18,860 ይሆናል። 19,550 ብር ከፍሎ የመጣው የኮሚቴ አባል 690 ብር ያጎደለ መስሎ ይታያል። አንዲት ምልክት የሰውን ስም ታስነሣለች።

ስለዚህ የደረሰኙን ሦስት የግርጌ ቁጥሮች ከወረቀቱ እያየን በእጃችን ለብቻቸው እንጽፋለን፤ ከጎናቸውም ሰንጠረዡ ራሱ እንዲያሰላ እናደርጋለን፦

```
=SUM(F2:F4)
=ROUND(F5*0.15,2)
=F5+F6
```

ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ የTXBL1ን ልዩነት እንመርምር። ልዩነቱ ከአንድ ዕቃ ድምር ጋር እኩል ከሆነ ያ መስመር ተዘሏል ወይም እንደ ቃል ተይዟል። አለበለዚያ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ተነቦ ሊሆን ይችላል፤ ብዛቱን በነጠላ ዋጋው እያባዛን የትኛው መስመር እንደሆነ እናገኛለን። የሳንቲም ልዩነት ግን ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል። ታክስ የማይከፈልበት ዕቃ በደረሰኙ ካለም NOTXBL በሚለው ሥር ስለሚወጣ ከ15 በመቶው ስሌት ውጭ እናደርገዋለን።

ይህ ማመሳከሪያ የማይደርስበት አንድ ነገር ቀኑ ነው። ደረሰኙ 12/03/2025 ቢል በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው እንጂ ኅዳር 12 አይደለም። ሦስተኛውን ወር ኅዳር ብሎ የመዘገበ ወጪውን ከሌላ ሩብ ዓመት ያስገባዋል፤ ድምሩም ትክክል ስለሚሆን ማንም አያውቅበትም። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የደረሰኙን ቁጥርም ሌላ አባል ከዋናው ወረቀት ላይ ያመሳክረዋል።