ለተዝካር የሚቀርብ የድግስ ዋጋ እንዴት ይመዘናል?



በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፣ ትውልድዎ ግን ከሰቆጣ የሆነ ሰው ነዎት እንበል። አባትዎ ጥቅምት 20 ቀን ዐርፈዋል። ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራዎ ተመልሰው ሳለ የአርባው ቀን ይቃረባል፤ የድግሱንም ነገር በስልክ መጨረስ ግድ ይሆንብዎታል። ከሰቆጣ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ይደርስዎታል። አንደኛው በወረቀት ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት የሆቴል ዋጋ ነው። ሁለተኛው ሠራተኞቻቸውን ይዘው እየዞሩ ድግስ የሚደግሱ አንዲት እናት በቃል የነገሩት፣ ወንድምዎ በደብተር ቅዳጅ ላይ የጻፈው ነው። ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ ይገባል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ከዋጋው በፊት ቀኑን መቍጠር ያስፈልጋል። ያረፉበትን ቀን አንድ ብለን ብንጀምር ጥቅምት 30 ዐሥራ አንደኛው ቀን ይሆናል፤ አርባውም ኅዳር 29 ላይ ይውላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ ይህ ተዝካር የጾም ተዝካር ነው። ስለዚህ የበሬና የበግ ጥያቄ ገና ከመነሣቱ ይወድቃል። ይህም ለቤተ ሰቡ ቀላል የማይባል እፎይታ ነው። በፍስክ ቢሆን ኖሮ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ወዳጅ ሥጋው ለየብቻ መታረድና መሠራት ነበረበት፤ የጾሙን ወጥ ግን ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላዋል። አንዳንድ ወጣቶች «የተከዜ ዓሣ ይጨመር» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ዓሣን በጾም የማይቀምሱ ካህናትና ሽማግሌዎች ብዙዎች ናቸውና፣ የእንግዳው እኩሌታ እጁን የሚሰበስብበትን ምግብ በውድ ዋጋ ማዘዝ አይመከርም።

የጾሙ ሌላ ውጤት ሰዓቱ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴው ዘግይቶ ይወጣል፤ ካህናቱም ወደ ማዕድ የሚቀርቡት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ደጋሹ በማለዳ ሠርቶ በአምስት ሰዓት «ደርሷል» ቢል፣ ወጡ አራት ሰዓት ያህል ይቀመጣል ማለት ነው። ሽሮ ቢረጋ በሙቅ ውኃ ይመለሳል። ድንችና ጥቅል ጎመን ግን ተከድነው ሲውሉ ይኮመጥጣሉ። እንግዲህ የምግቡን ዝርዝር ስንመርጥ የሚጣፍጠውን ብቻ ሳይሆን መቆየት የሚችለውን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋጋዎች እንምጣ። ቍጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ እንውሰዳቸው፤ የገበያው ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣልና። ሁለቱም ለ300 ሰው ተጠይቀዋል። ሆቴሉ ለአንድ ሰው 300 ብር፣ በድምሩ 90,000 ብር ብሏል። እናቲቱ በጥቅል 78,000 ብር ብለዋል። ልዩነቱ 12,000 ብር ይመስላል። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች የሚሸጡት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም።

በሆቴሉ ወረቀት ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳልተካተተ ተጽፏል። 15 በመቶ ሲደመርበት ሒሳቡ 103,500 ብር ይሆናል። በሰሃን የሚያቀርበውም ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ ተኩል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ እንጀራ 20 ብር ይታሰባል። በመሥሪያ ቤት አካባቢ ምሳ ለሚበላ ሰው አንድ ተኩል ይበቃው ይሆናል። ከጋዝጊብላ ወይም ከደሃና ገጠር ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ ግን በአንድ ተኩል አይነሣም። ደግሞም እርሱ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል እንጂ ሰሃን ተሸክሞ ቆሞ አይበላም። የከተማውንና የገጠሩን አማካይ ሁለት እንጀራ ብናደርገው 150 እንጀራ ይጐድላል፤ ይህም 3,000 ብር ነው። የሆቴሉ ዋጋ እንግዲህ 106,500 ብር ሆነ።

የእናቲቱ ዋጋ 600 እንጀራና አራት ዓይነት ወጥ ያለበት ነው፤ ሆኖም እንጨት፣ ውኃና አስተናጋጅ በቤቱ ላይ ናቸው። ለእንጨትና ለውኃ 9,000፣ ለአስተናጋጆች 4,000 ብር ብንይዝ ድምሩ 91,000 ብር ይመጣል። እንጨቱን በንቀት ማየት አይገባም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ውኃ በዚያ የሚፈላው በመቶ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል የሚወስዱት ጊዜም በዚያው መጠን ይረዝማል። ሌሊቱን ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ንፍሮ ጭነት እንጨት ፈጅቶ እንደ ጠጠር ሊቀር ይችላል። ድንኳን፣ ወንበርና ትሪ ከዕድሩ ይገኛሉ፤ የተሰበረውንና የጠፋውን ማን እንደሚተካ ግን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

አንድ ነገር ገና አልተጠየቀም። «እንጀራ» ማለት ምን እንጀራ ማለት ነው? ነጭ ጤፍ ነው ወይስ ማሽላ የተቀየጠበት? በቃል ዋጋ ውስጥ ትልቁ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ወንድምዎ እናቲቱን ሳያስቀይም ሊጠይቃቸው ይችላል፤ «እትዬ፣ ለ600 እንጀራ ስንት ኪሎ ዱቄት ያስገባሉ?» ይበላቸው። ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ደህና እንጀራ ሦስት ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ መልሱ ሁለት ኩንታል ገደማ መሆን አለበት። «አንድ ተኩል ይበቃል» ቢሉ እንጀራው ይሣሣል ማለት ነው። ቅይጥ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ እንጀራ ለናሙና ወስዶ አጥፎ ማሳደር ነው። ማሽላ የበዛበት በማግሥቱ ደርቆ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ የጤፉ እንደ ለሰለሰ ያድራል። ቅይጥ እንጀራ ነውር አይደለም፤ በዋግ ብዙው ቤት የሚበላው እርሱን ነው። ነውሩ በጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው።

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላ እንኳ ዋናው ጥያቄ ይቀራል። ሠርግ በጥሪ ወረቀት ነው፤ ለቅሶና ተዝካር ግን ጥሪ የላቸውም። 300 ያልነው ቍጥር ግምት እንጂ ዝርዝር አይደለም። የሟቹ የክርስትና ልጆች፣ የማኅበር ባልንጀሮች፣ በደጀ ሰላም ያሉ ነዳያን ስንት እንደ ሆኑ ማንም አልቈጠረም። ነዳያኑም የተረፈውን የሚጠብቁ ሳይሆኑ ተዝካሩ ስለ እነርሱ ጭምር የሚወጣላቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ደጋሾች ስለ 300 ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ 400 እና ስለ 220 ሰው መጠየቅ ይገባል።

አራት መቶ ሰው ቢመጣ ሆቴሉ ለመቶው ትርፍ ሰው ከነታክሱ 34,500 ብር፣ ለሚጐድለው 50 እንጀራም 1,000 ብር ይጠይቃል፤ ድምሩ 142,000 ይደርሳል። ሁለት መቶ ሃያ ብቻ ቢመጣስ? ወረቀቱ «ከታዘዘው ቢያንስም ሙሉ ዋጋ ይከፈላል» ይላል። እናቲቱ ግን ለያንዳንዱ ትርፍ ሰው በ200 ብር ተስማምተዋል፤ በአራት መቶ ሰው 111,000 ብር መሆኑ ነው። ሰው ባነሰ ጊዜም ሳይሠራ የቀረው ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ለቤቱ ይመለሳል።

ነገር ግን በእናቲቱም ስምምነት ውስጥ አንድ ክፍተት አለ፤ በገንዘብም አይደፈንም። ሊጥ በዚያ ደጋ በኅዳር ብርድ እስኪቦካ ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል። ሰው በዝቶ ሲታይ በዕለቱ 200 እንጀራ መጨመር ለማንም አይቻልም፤ ለሆቴሉም ቢሆን። ሽሮ በግማሽ ሰዓት ይጨመራል፤ እንጀራ ግን በሦስት ቀን ነው። ስለዚህ የሚታዘዘውን ምግብ ከሁለት ከፍለን ማየት ይጠቅማል። እንጀራው ከግምቱ ከፍ ተደርጎ ይጋገር፣ 700 ይሁን። የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናልና አይጠፋም። ወጡ ግን ከግምቱ ዝቅ ይበል፤ የሽሮውና የምስሩ ሢሶ ሳይሠራ ይቈይ፤ የሰዉ ብዛት በዐይን ከታየ በኋላ ይጣድ።

ከዚህም ምርጫው ይወጣል። ሽሮ ዋናው ወጥ ይሁን፤ አንድ ኪሎ ሽሮ ለዐሥራ አምስት ሰው ያህል ስለሚበቃ ለ300 ሰው 20 ኪሎ ይያዛል። ምስር ሁለተኛ፣ ጎመን ሦስተኛ። እናቲቱ በአራተኛነት የጠቀሱት ድንች ይቅር፤ በዘጠኝ ሰዓት ለሚበላ ማዕድ አይታመንም። በእርሱ ፋንታ የስንዴ ድፎ ዳቦና የስንዴ፣ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ ይጨመር። ንፍሮው ማልዶ ለደረሰ መንገደኛ ይቀርባል፤ እንጀራው ቢያልቅም ዳቦው ለኋለኛው እንግዳ ይደርሳል። ለመጠጥ ጠላና ከዋግ ማር የተበጠበጠ ብርዝ ይበቃል። ሰባት ዓይነት ወጥ የደረደረ ትሪ በፎቶግራፍ ያምራል፤ ሰባት ድስት ግን ሰባት ምድጃና ሰባት ጠባቂ ይፈልጋል።

እኔ ብሆን ከእናቲቱ ጋር እስማማለሁ። ሆቴሉን የምመርጠው ሐዘንተኛው ቤት እንጨት የሚያስገባ፣ ውኃ የሚያስቀዳና ዱቄት የሚያስመዝን አንድ ጤነኛ ሰው ካጣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ ለእርሱ 15,500 ብሩ የድካም ዋጋ ነውና አይበዛም።

ከእናቲቱ ጋር ከተስማሙ የቃሉን ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት ያስጽፉ። የእንጀራው ቍጥርና ዓይነት፣ የትርፍ ሰው ዋጋ፣ ያልተሠራው እህል የማን እንደ ሆነ፣ ምግቡ ከቅዳሴ መውጫ በፊት ሳይሆን በኋላ እንደሚሞቅ ይጻፍበት። ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት። ሢሶው ሊጥ ከመቡካቱ በፊት፣ ሢሶው እንጀራው ተቈጥሮ ሲገባ፣ የቀረው ትሪዎቹ ታጥበው ለዕድሩ ሲመለሱ ይከፈል። የመጀመሪያው ክፍያ ከኅዳር 25 አይለፍ፤ ሊጡ የሚቦካው በ26 ሲሆን እንጀራው መጋገር ያለበት በ28 ነውና።