«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን»



የአካውንቲንግ ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ለኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቅ ትቀርባላችሁ። በምሠራበት የፋይናንስ ክፍል ተለማማጆችን ከሚመርጡት አንዷ ስለሆንኩ፣ የማወራችሁ ስለ መጀመሪያዋ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ስለምትባለው። ጎበዝ ተማሪዎች እዚህችው ላይ መንገድ ሲስቱ ሳይ ያሳዝነኛል፤ የሚያውቁትን ሳይናገሩ ሰዓቱ ያልቃልና።

መልሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ለቤተሰቤ ሦስተኛ ልጅ ነኝ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቴን የተከታተልኩት...» ከአገርና ከወላጅ መነሳት ጨዋነት ነው፤ ሠርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት እንዲያ ብትሉ ትክክል ናችሁ። ጠያቂዎቹ ፊት ግን የት እንደተማራችሁ የሚናገረው ሲቪ ተዘርግቷል። የቸገራቸው ሌላ ነው፦ ይህችን ልጅ ሰኞ ጠዋት ቫውቸር ፊት ባስቀምጣት ምን ትሠራልኛለች?

ከዚያ የሚብሰው ማቆም አለመቻል ነው። ጠያቂው ማስታወሻ ሊይዝ አንገቱን ሲደፋ ክፍሉ ዝም ይላል። ተጠያቂዋ ዝምታውን «አልበቃቸውም» ብላ ትተረጉመውና ትጨምራለች፦ ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ መጽሐፍ ማንበብ እወዳለሁ። «ሌላው ደግሞ» የምትለዋን ለሁለተኛ ጊዜ ከአፋችሁ ስትሰሙ መንገዱን እንደለቀቃችሁ እወቁ። ይህ የሚሆነው የት እንደምታቆሙ አስቀድማችሁ ስላልወሰናችሁ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። እዚህ መሥሪያ ቤት ምን ልትሠሩ መጣችሁ? እሱን ጻፉ። ቀጥሎ ከዚያ ሥራ ጋር የሚገናኝ፣ በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ አንድ ብቻ። መግቢያው ዛሬ ማን እንደሆናችሁ የሚናገር አጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው።

እንበል አንዲት ተመራቂ የባንክ ሂሳብ በሚታረቅበት ክፍል ለመለማመድ አመለከተች። እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«በዚህ ዓመት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ የአንድ ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ወር ላይ መዝገባችን 18,400 ብር ሲያሳይ የባንኩ መግለጫ 19,250 አለ። የ850 ብሩን ልዩነት ለማግኘት መዝገቡንና መግለጫውን መስመር በመስመር አመሳከርኩ። እኛ የጻፍነው የ1,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም፤ ባንኩ የቆረጠውን የ150 ብር የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ እኛ አልመዘገብንም። ሁለቱ ሲስተካከሉ በሁለቱም በኩል 18,250 ሆነ። ይህን ሥራ ብዙ ሂሳብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ መማር ስለምፈልግ ነው እናንተ ጋ ያመለከትኩት።»

እዚህ ላይ ታቆማለች። ዝምታ ቢመጣም ትጠብቃለች። «ጥንቁቅ ነኝ» አላለችም፤ ጠያቂው ግን ጥንቃቄዋን አይቷል። ቀጣዩ ጥያቄም ከሞላ ጎደል ይታወቃል፦ «ቼኩ ለምን ሳይመነዘር ቆየ?» ወይም «የ150 ብሩን እንዴት መዘገብሽው?» ማለት ነው፤ የምታውቀው ጉዳይ ላይ ራሷ ወስዳቸዋለች። በዚያው ልክ፣ አንዴ ብቻ የነካችሁትን ፒችትሪ «በደንብ እችላለሁ» ካላችሁ ጥያቄው እዚያው ይከተላችኋል። አብራርታችሁ መጨረስ የማትችሉትን አታንሱ።

ገንዘብ ያዥ ሆኖ የማያውቅ ምን ይበል? የአክስቱን ሱቅ የዱቤ መዝገብ የያዘ፣ የዕድር ሂሳብ ያገላበጠ፣ ያም ካልሆነ ለክፍል ሥራ አንድ የሂሳብ መግለጫ ከጥሬ ሰነድ ተነስቶ ያዘጋጀ ያንኑ ይናገር። ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም፤ ለተለማማጅነት የመጣን ሰው ልምድ አምጣ ብለን አንጨቀጭቅም። በእውነት የሠራው መሆኑን ግን እናጣራለን።

ቃል በቃል አትሸምድዱት። አንዷ ቃል ስትጠፋ ሌላውም ተከትሏት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዙ። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ቋንቋ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተለማመዱ፤ በስልካችሁ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት።

ወላጆች፣ በዚህ ላይ ልትረዷቸው ትችላላችሁ። በዚህ ሳምንት ልጃችሁን ፊታችሁ አስቀምጡና «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» በሏት፤ ሰዓትም ያዙ። አካውንቲንግ ያልተማረች እናት ሰምታ ስትጨርስ ልጇ ምን እንደሠራችና የት ልትሠራ እንደፈለገች መልሳ መናገር ከቻለች፣ መልሱ ለእኛም ይገባናል። ካልቻለች ልጅቷ ከመካከሉ አንድ ነገር ታውጣና እንደገና ትሞክር።