ከማየት በፊት የሚጻፍ ነጥብ፦ የግል የፊልም መዝገብና የምርጫ መሻሻል



ንግግሬን በአንድ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወደፊት ላያቸው ካሰብኋቸው ፊልሞች መካከል የጃፓናዊውን የያሱጂሮ ኦዙን ሁለት ሥራዎች ሰረዝሁ። የሰረዝሁበት ምክንያት በመዝገቤ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ነበር። «የቶኪዮ ታሪክ» የተሰኘውን የ1953 ፊልሙን አይቼ ከ10 5 ሰጥቼዋለሁ፤ ከነጥቡ አጠገብም «ዘገምተኛ ነው፤ መካከሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት ባካሄደው የዳይሬክተሮች ምርጫ አንደኛ የወጣ ነው። እኔ ግን ለእኔ የሚሆን ዳይሬክተር አይደለም ብዬ ደመደምሁ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለ ስሕተትም ይወረሳል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የፊልሙን ነጥብ ብቻ የሚይዝ መዝገብ ምርጫችንን አያሻሽልም፤ አንዳንድ ጊዜም ያበላሸዋል። የሚያሻሽለው ራሱን ምርጫውን የሚመዘግብ ነው። ፊልሙን ለምን እንደ መረጥን፣ ምን እንደ ጠበቅንና መቼ እንዳየነው የሚነግረን ማለቴ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዝርዝሩ እንመልከት። ብዙዎቻችን «ወደፊት የማያቸው» የምንለው ዝርዝር አለን፤ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ዳንኤል ሪድ፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ሾባና ካልያናራማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ፊልም አስመረጡ። ለዚያው ዕለት የሚሆን ፊልም የመረጡት ሰዎች ወደ ቀላሉና ወደሚያዝናናው አዘነበሉ፤ ለሌላ ቀን የሚሆን ሲመርጡ ግን ከበድ ያለውንና ቁም ነገር ያለውን የመምረጥ ዝንባሌያቸው ከፍ አለ። እንግዲህ ዝርዝሩን የሚሞላው ሰውና ማታ ደክሞት ከዝርዝሩ የሚመርጠው ሰው፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ዝርዝራችን በክብር ተቀምጠው በማይነኩ ፊልሞች የሚሞላውም ስለዚህ ነው።

ለዚህ ችግር እኔ የምጠቀምበት መፍትሔ ቀላል ነው። አንድ ፊልም ወደ ዝርዝሩ ሲገባ አራት ነገሮችን እጽፋለሁ፦ ርእሱን፣ ያስገባሁበትን ቀን፣ ጥቆማው ከየት እንደ መጣና ለምን ማየት እንደ ፈለግሁ። ዝርዝሩ ከ20 ፊልም እንዲበልጥ አልፈቅድም። ስድስት ወር የሞላው ፊልም ወይ የተወሰነ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል፣ ወይ ይወጣል። የሚወጣውን አልፍቀውም፤ በአንድ መስመር ብቻ እሰርዘዋለሁ። በኋላ እንደምታዩት፣ የተሰረዘውም ያስተምራልና።

ሁለተኛው ነጥብ የንግግሬ እምብርት ነው። ፊልሙ ሊጀመር ሲል፣ ከ10 ስንት እንደምሰጠው ግምቴን እጽፋለሁ። ከማየት በኋላ መጻፍ ለምን አይበቃም? እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የባሩክ ፊሽሆፍና የሩት ቤይት ጥናት መልስ ይሰጠናል። ተመራማሪዎቹ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ከመጓዛቸው በፊት፣ በጉዞዎቹ ወቅት ሊደርሱ የሚችሉ ልዩ ልዩ ክሥተቶች ምን ያህል የሚጠበቁ እንደ ሆኑ ተማሪዎችን አስገመቱ። ከጉዞዎቹ በኋላ ተማሪዎቹ የራሳቸውን የቀድሞ ግምት እንዲያስታውሱ ተጠየቁ። ተፈጽሟል ብለው ላመኑት ነገር፣ በእርግጥ ከሰጡት የሚበልጥ ግምት ሰጥተው እንደ ነበር የማስታወስ ዝንባሌ ታየባቸው። ሰው ውጤቱን ካወቀ በኋላ «ቀድሞም አውቄው ነበር» ይላል፤ ሲዋሽ ግን አይደለም፣ ትውስታው ስለ ተለወጠ ነው። በፊልምም እንዲሁ ነው። ያሰለቸንን ፊልም «መጀመሪያም አልጠበቅሁትም» ካልን፣ ምርጫችን የተሳሳተበትን ቦታ ፈጽሞ ልናገኘው አንችልም። ምርጫችን ምን ያህል እንደ ሳተ የሚለካው በግምቱና በነጥቡ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ፦ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ ነጥቡና አንድ ዐረፍተ ነገር። ዐረፍተ ነገሩ ፊልሙን ማወደስ የለበትም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ባየሁ ማግስት «ግሩም ነው» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ለቀጣዩ ምርጫዬ ምንም አይረባኝም ነበር። የጻፍሁት «ትዝታውና አሁኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲፈራረቁ ይዞኝ ሄደ» የሚል ነው። ይህ ወደፊት ምን ልፈልግ እንደሚገባኝ ይነግረኛል።

አሁን መዝገቡ እንዴት እንደሚነበብ በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ 48 ፊልሞች አይቼ ነበር። በጥቆማ ምንጫቸው በአራት ከፈልኋቸው። 12ቱን ወዳጆቼ ጠቆሙኝ፤ አማካይ ግምቴ 7.0፣ የሰጠሁት ነጥብ ደግሞ 7.3 ነበር። 11ዱን የመረጥሁት የዳይሬክተሩን የቀድሞ ሥራ ስለ ወደድሁ ነው፤ ግምቴ 7.5፣ ነጥቤ 7.6 ሆነ። 10ሩን በማስታወቂያቸው ተስቤ ያየኋቸው ሲሆኑ፣ ግምቴ 7.4 ሆኖ ነጥቤ ወደ 5.5 ወረደ። የቀሩት 15ቱ ከሐያሲያን ዝርዝርና ከሽልማት የመጡ ናቸው፤ 8.2 ጠብቄ 6.6 ሰጠሁ። መዝገባችሁ በኤክሴል ከሆነ፣ ምንጩ በC ዐምድ፣ ነጥቡ በG ዐምድ ሲገኝ፣ አማካዩን እንዲህ ታገኙታላችሁ፦

```
=AVERAGEIF(C:C,"ሐያሲ",G:G)
```

እዚህ ላይ ፈጣን መደምደሚያ ይፈትናል፤ «ሐያሲያንን አትስማ» የሚል። እኔም በዚሁ ፈተና ወድቄ ነበር የኦዙን ፊልሞች የሰረዝሁት። ነገር ግን የሰዓቱ ዐምድ ሌላ ነገር ተናገረ። ከ15ቱ ፊልሞች 9ኙን ያየኋቸው በሥራ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበር፤ አማካያቸው 5.8 ነው። 6ቱን ደግሞ እሑድ በቀን አይቼአቸዋለሁ፤ አማካያቸው 7.8 ሆነ። «የቶኪዮ ታሪክ» ከ9ኙ አንዱ ነበር፦ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ዝምታው ብዙ የሆነ ፊልም፣ ረቡዕ ማታ፣ ሙሉ ቀን ካስተማርሁ በኋላ።

አንድ ጥንቁቅ ተማሪ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይገባል። ምናልባት ለእሑድ ያስቀመጥኋቸው ቀድሞውኑ አብልጬ የጓጓሁላቸው ይሆናሉ፤ እንዲያ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ላይሆን ይችላል። ይህን ለመመርመር የረዳኝ ከማየቴ በፊት የጻፍሁት ግምት ነው። ለማታዎቹ 8.1፣ ለእሑዶቹ 8.3 ገምቼ ነበር። የጉጉቴ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግምቱን ባልጽፍ ኖሮ ይህን ጥያቄ መመለስ ባልቻልሁ ነበር።

ይሁንና 6 ፊልም ትንሽ ቁጥር ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት ከሐያሲያን ዝርዝር የወሰድኋቸውን 10 ፊልሞች በዕጣ ለሁለት ከፈልኋቸው፤ 5ቱን ለእሑድ፣ 5ቱን ለሥራ ቀን ማታ። እሑዶቹ 7.4፣ ማታዎቹ 6.4 አገኙ። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ከ2 ነጥብ ወደ 1 ግን ወረደ። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ከብዙ ክፍፍሎች መካከል ጎልቶ የታየንን ስንመርጥ፣ የመጉላቱ ከፊል ምክንያት ዕድል ነው፤ በሁለተኛው ሙከራ ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመዝገባችሁ ያገኛችሁትን ሕግ ወዲያው አትመኑት፤ ለቀጣዮቹ ጥቂት ፊልሞች አስቀድማችሁ ጻፉትና ፈትኑት።

ሁለት ወሰኖችን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጀመሪያው የመለኪያው መንሸራተት ነው። የዛሬው 7 ከሁለት ዓመት በፊት ከሰጠነው 7 ጋር ላይመጣጠን ይችላል። እኔ ሦስት ፊልሞችን እንደ ሚዛን ድንጋይ አኑሬአለሁ፤ አንዱ 4፣ አንዱ 7፣ አንዱ 9 ነው። አዲስ ነጥብ ስሰጥ «ከዚህኛው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከአንድ ወር በኋላም ሁለተኛ ነጥብ ከመጀመሪያው አጠገብ እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን አልሰርዘውም። ሁለቱ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከተራራቁ፣ ያን ፊልም ለሌላ ውሳኔ ማስረጃ አላደርገውም።

ሁለተኛው ወሰን የበለጠ ይከፋል። መዝገብ ያላየነውን አይመዝንም። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ዓይነት ከተውነው፣ ስሕተታችንን የሚያርም አዲስ ማስረጃ ከቶ አይመጣም፤ ፍርዱ ይግባኝ የሌለው ይሆናል። ስለዚህ ከየአምስቱ ምርጫዎቼ አንዱን መዝገቡ «ተው» ከሚለኝ ወገን እወስዳለሁ። የተሰረዙትን የማልፍቃቸውም ለዚህ ነው፤ አምስተኛው ተራ ሲደርስ ወደ እነርሱ እመለሳለሁ።

የኦዙም ነገር በዚሁ መንገድ ታረመ። «የቶኪዮ ታሪክ»ን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደገና አየሁት። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ የመጡት አረጋውያን ባልና ሚስት፣ ልጆቹ ጊዜ ሲያጡላቸው ያለ ቅያሜ ቃል የሚቀመጡበትን ዝምታ በመጀመሪያው ማታ በእንቅልፍ አልፌው ኖሯል። 9 ሰጠሁት። አሮጌው 5 ከእነ ዐረፍተ ነገሩ ዛሬም በመዝገቤ አለ፤ ከጎኑ ግን «ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል» የሚል ተጽፎአል። የሰረዝኋቸውም ሁለት ፊልሞች ወደ ዝርዝሩ ተመልሰዋል፤ ሁለቱም እሑድ ተመድቦላቸዋል።