በስምንት ደቂቃ አንድ አንቀጽ
(ለታሪክ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኔ የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ። የዋግሹም ጎበዜን ታሪክ ከመጽሐፍ አስቀድሜ የሰማሁት ከሽማግሌዎች አፍ ነው። ስለዚህ በአንድ ፈተና ላይ «ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. ለምን ተሸነፉ?» የሚል ጥያቄ ባገኘሁ ጊዜ በጣም ደስ አለኝ። የዋግሹምነት ዘራቸውን፥ በ1860 ዓ.ም. መንገሣቸውን፥ ወደ ትግራይ መዝመታቸውን፥ በዐድዋ አጠገብ በአሰም መማረካቸውን ሁሉ ዘረዘርሁ። ከስድስት ማርክ ያገኘሁት ሁለት ነው። ወረቀቴን መልሼ ሳነበው ግን ፈታኙ እውነት እንዳለው ገባኝ። የተጠየቅሁት «ለምን?» ተብዬ ሲሆን የመለስሁት «ምን ሆነ?» ለሚለው ነበር።

ዛሬ ያው ጥያቄ ቢመጣልኝ፥ ጊዜውም ስምንት ደቂቃ ቢሆን፥ እንዲህ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አልጽፍም፤ ከማውቃቸው ምክንያቶች አንዱን ብቻ እመርጣለሁ። በሁለተኛው ደቂቃ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ፦

«ተክለ ጊዮርጊስ የተሸነፉት ባላጋራቸው ካሣ ምርጫ በመሣሪያና በሥልጠና ስለ በለጧቸው ነው።»

ቀጥሎ ለማስረጃው ሁለት ደቂቃ እሰጣለሁ፦

«ካሣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር ስለ ረዱ፥ ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከዘመቻው ጋር የመጣው ጆን ኪርክሃምም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ።»

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ብዕራችንን እናስቀምጣለን። ነገር ግን ፈታኙ «ታዲያ ይህ ለሽንፈት እንዴት አበቃ?» ብሎ እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ደቂቃ ለማብራሪያው አቆያለሁ፦

«የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ሆኖም በመድፍ የታገዘና በሥርዓት የሚተኩስ ጦር፥ ብዙውን ሠራዊት ገና ሳይጠጋው ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ በቍጥር የነበራቸው ብልጫ ሳይጠቅማቸው ቀረ።»

የሠራዊቱን ብዛት ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። እርሱ ባይነሣ ኖሮ አንባቢው «ጥቂት ስለ ነበሩ ተሸነፉ» ሊል ይችል ነበር። ያን በር የሚዘጋው ይህ አንድ ነገር ነው።

በቀረችው አንድ ደቂቃ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እመረምራለሁ። አዲስ ድርጊት የሚተርክ ከሆነ ማብራሪያ አይደለም፤ ማስረጃ ተጨመረ እንጂ። «መሣሪያ ለጦርነት ጠቃሚ ነው» የሚል ከሆነም ለየትኛውም ጦርነት ስለሚሆን ስለ አሰም አንዳች አልተናገረም።

ይህ አሠራር ለ«ለምን» ጥያቄ የተበጀ ነው። «በማን ዘመን?» ወይም «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ለሚል ጥያቄ አንድ መሥመር ይበቃል። ሁለት ምክንያት ከተጠየቀም ሁለት አጫጭር አንቀጽ ይጻፍ እንጂ ሁለቱ በአንድ አይታጨቁ።

የአገሬን ታሪክ አብዝቼ በማወቄ አራት ማርክ አጣሁ። እናንተ ግን የምታውቁትን ሁሉ ሳይሆን የተጠየቃችሁትን ጻፉ።