ሁለት ሞራ፣ አንድ ሞራ፦ የሕክምና ቃላትን የት ላይ እንጫን?



ዛሬ ስለ ደም ግፊት አላወራችሁም፣ አትስጉ። የማወራው ሁላችንም በዎርድ ዙር ላይ ስለሰማነው ክርክር ነው። አንዱ ስፔሻሊስት የትንሹን አንጀት መጀመሪያ «ዱኦዲነም» ሲል «ዲ» ላይ ይጫናል። ሌላዋ ደግሞ «ዱኦደነም» ስትል ጫናዋ «ኦ» ላይ ነው። ተማሪው በመሃል ይቀራል፤ አንዱ ፊት ያስመሰገነው አነጋገር ሌላው ፊት ያሳስቅበታል። የልዩነቱ ምንጭ ግን የዘፈቀደ አይደለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፣ ላቲን ደግሞ ጫናን የሚያስቀምጠው በሚዛን ነው።

የሚመዘነው ቀለም ነው፤ አንድ አናባቢ ይዞ የሚወጣ የቃል ቁራጭ ማለት ነው። የሚዛኑ መለኪያ «ሞራ» ይባላል። የበጉን ሞራ አይደለም፣ የጊዜ መለኪያ ነው። በአጭር አናባቢ የሚያበቃ ቀለም አንድ ሞራ ስላለው ቀላል ነው። አናባቢው ረጅም ከሆነ ወይም ቀለሙ በተነባቢ ከተዘጋ ሁለት ሞራ ይኖረዋል፣ ከባድ ነው። ከአናባቢው በፊት የሚመጣ ተነባቢ ግን አንድም ሆነ ሁለት አይቆጠርም።

ሕጉ አጭር ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ቀለም ባለው ቃል መጨረሻውን ተዉት፣ አይጠየቅም። ከመጨረሻው ሁለተኛውን መዝኑ። ከባድ ከሆነ ጫናው እሱ ላይ ያርፋል፤ ቀላል ከሆነ አንድ ቀለም ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለ ሁለት ቀለም ቃል ሲሆን ጫናው ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው።

የጉልበትን ሎሚ «ፓቴላ» እንውሰድ። «ላ»ው ጠብቆ ስለሚነገር ቃሉ «ፓ-ቴል-ላ» ተብሎ ይከፈላል። «ቴል» በተነባቢ ተዘግቷል፣ ሁለት ሞራ ነው፣ ጫናውን ይይዛል። የትከሻ አጥንት «ስካ-ፑ-ላ» ላይ ግን «ፑ» አጭርና ክፍት ስለሆነ ጫናው ወደ «ስካ» ይሸሻል። «ስካ» ራሱ አንድ ሞራ ብቻ ነው። ቢሆንም ያገኘዋል፤ ሕጉ የሚመዝነው ከመጨረሻው ሁለተኛውን ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ላቲን በተለመደው ጽሕፈቱ የአናባቢን ርዝመት አያሳይም። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ፊደላችንም ጥብቀትን አይጽፍም። «ገና» የሚለውን ላልቶ ስናነበው ሌላ፣ ጠብቆ ስናነበው በዓል ነው፤ ቃሉን የሚያውቅ ብቻ ይለያል። «ዱ-ኦ-ዴ-ኑም» ላይም «ዴ» ረጅም ከሆነ ከባድ ነው፣ ጫናው እዚያው ይቀመጣል። አጭር ነው ብሎ የገመተ ሰው ሕጉን በትክክል ተከትሎ «ኦ» ላይ ይጫናል። ስለዚህ ሁለቱ ስፔሻሊስቶች የተለያዩት በሕጉ ሳይሆን በአንድ ሞራ ነው። ዳኛው የቃሉ ምንጭ ነው። ክፍሉ አሥራ ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል ተብሎ «አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት» ከሚል የላቲን ቃል ተሰየመ፤ በዚያ ቃል ውስጥ «ዴ» ረጅም ነው። በላቲኑ ሚዛን «ዲ» ላይ የተጫነው ሰው ያሸንፋል።

ለእኛ አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ቃልን በጥብቀት ይለያል እንጂ በአናባቢ ርዝመት አይለይም። ስለዚህ ጆሯችን የ«ፓቴላ»ን ዓይነት ክብደት ቶሎ ይይዛል፣ የ«ዱኦዴኑም»ን ግን አይይዝም። መፍትሔው ከረጅም አናባቢ በላይ ትንሽ ሰረዝ የሚያደርግ የላቲን መዝገበ ቃላት ማየት ነው። ቅጥያዎችም ይረዳሉ። ብግነትን የሚያመለክተው «ኢቲስ» ላይ «ኢ»፣ ዕጢን የሚያመለክተው «ኦማ» ላይ «ኦ» ረጅም ነው። ስለዚህ «ጋስትራይቲስ» ብትሉ «ትራይ»፣ «ካርሲኖማ» ብትሉ «ኖ» ላይ ትጫናላችሁ።

ሕጉ ግን ገደብ አለው። እንግሊዝኛ የተዋሰውን ቃል እንደ ልማዱ ያሽከረክራል። በላቲን «አብ-ዶ-ሜን» ሲባል «ዶ» ረጅም ስለሆነ ጫናው እዚያ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አብ» ላይ ይጫናል፣ ማንም አላዋቂ አይለውም። ሚዛኑ የሚነግረን ቃሉ ከየት እንደተነሣ ነው፤ ዛሬ የት እንደሚያርፍ ልማድም ይወስናል።

እናንተ የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ተማሪው ከጠበቃችሁት ውጭ ሲጫን በበሽተኛው አልጋ ፊት ከመሳቃችሁ በፊት «ይሄን አናባቢ አጭር ነው ያልከው ወይስ ረጅም?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሕጉን ያውቃል፤ የጎደለችው አንዲት ሞራ ናት።