ስለ በርሜሉ የተጻፈ መልእክት፦ በቁጣና በእርጋታ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን «የሒሳብ ሰው ስለ ትዳር ምን ታወራለች?» ብላ ስትስቅብኝ ነበር። እውነት ነው፣ የሥነ ልቦና ትምህርት የለኝም። ነገር ግን ከሥራዬ አንዱ ክፍል ዕዳቸውን ላዘገዩ ደንበኞች ደብዳቤ መጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የትኛው ደብዳቤ ገንዘብ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ደግሞ ስድብ ይዞ እንደሚመለስ ያውቃል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ሥራ በስልክ ስለምንጻጻፈው ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን እንዳነብላችሁ ፈቅዳልኛለች። በሰፈራችን ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ሰው ነቅቶ በርሜል መሙላት አለበት። ማክሰኞ የእሱ፣ ዓርብ የእሷ ተራ እንዲሆን ተስማምተዋል። አንድ ረቡዕ ጠዋት በርሜሉ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ቢሮ ገብታ አራት ሰዓት ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ዛሬም በርሜሉ ባዶ ነው። አንተ መቼም የቤት ነገር አይታይህም። ሠራተኛህ መሰልኩህ? እናትህ እንዲህ አድርጋ አሳድጋህ እኔ ምን ላድርግ!»

እሱም መለሰ፦ «ባለፈው ሳምንት ልጁን ሐኪም ቤት የወሰደው ማነው? እናቴን ከአፍሽ አውጪ።»

እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ስድስት መልእክት ተጻጻፉ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ቆጠርኳቸው። ውኃ የተነሳው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አምስቱ ስለ እናቱ፣ ስለ እህቷ ሠርግ፣ ስለ ደመወዝና ማን ምን ያህል እንደሚደክም ናቸው። ማታ ሁለቱም ቤት ሲገቡ በርሜሉ እንደ ጠዋቱ ባዶ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? የመጀመሪያውን መልእክት እንደ ሒሳብ መዝገብ እንየው። አራት ዓረፍተ ነገር አለው። አንዱ እውነታ ነው፤ በርሜሉ ባዶ ነው። ሦስቱ ክስ ናቸው። አንባቢው አራት ነገር ሲመጣበት የሚመልሰው በጣም ለወጋው ነው። በርሜሉ አልወጋውም፤ የእናቱ ስም ግን ወጋው። ስለዚህ እውነታው መልስ ሳያገኝ ቀረ።

«መቼም አይታይህም» የሚለው ደግሞ ሌላ ችግር አለው። «መቼም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «አንድም ቀን» የሚሉ ቃላት በአንድ ደረሰኝ ይፈርሳሉ። ኦዲተር ሒሳቡ በሙሉ ትክክል ነው ተብሎ ሲነገረው አንድ የተሳሳተ ደረሰኝ ካገኘ ይበቃዋል። ባልየውም ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጁን ሐኪም ቤት መውሰዱን አመጣ፣ በዚያች አንዲት ማስረጃ ክሱን በሙሉ ውሸት አደረገው። ማክሰኞ አለመሙላቱ ግን እውነት ነበር። በራሷ ቃል የያዘችውን እውነት አጣችው።

በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲነጋገሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ስለ አንድ ድርጊት ማማረርንና የሰውየውን ጠባይ መንቀፍን ለይቶ ያያል። የመጀመሪያው «ይህ አልተሠራም» ይላል፤ ሁለተኛው «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» ይላል። ንግግሩ በንቀት ወይም በነቀፋ ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው እንደሚያልቅም አሳይቷል።

በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በኢሜይል ሲጽፉ ቀልድ ይሁን ምር አንባቢው የሚለይላቸው ከሚገባው በላይ እንደሚመስላቸው አሳይቷል። ጸሐፊዋ ስትጽፍ የራሷ ድምፅ በጆሮዋ ነው፤ አንባቢው ግን በዚያች ሰዓት ባለው ስሜት ያነበዋል። በእኛ ቋንቋ «እሺ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተመልከቱ። በአፍ ስትባል ፈቃድ ናት። ለብቻዋ ከነነጥቧ ስትጻፍ ስንት ቤት አኩርፋለች! ባልን በድንገት «ጌታው» ወይም «አንቱ» ብሎ መጻፍም አክብሮት እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በርሜሉ እንደገና ሳይሞላ አደረ። ጎረቤቴ ወደ እኔ መጣችና የዕዳ ደብዳቤ እንዴት እንደምጽፍ አሳየኋት። በዚያ ደብዳቤ ላይ የትኛው ክፍያ፣ ስንት ብር፣ መቼ መከፈል እንደነበረበት፣ አሁን ምን እንደምንጠብቅና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፋል። ደንበኛው ሰነፍ ነው አይባልም። ቢሆንም እንኳ አይባልም፤ ገንዘቡን አያመጣምና። እሷም እንዲህ ጻፈች፦

«በርሜሉ ትናንት ማታ አልተሞላም። ማክሰኞ ያንተ ተራ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። እስከ ዓርብ ውኃ ስለማይመጣ ለማብሰልም ለልጁም የለንም። ዛሬ ስትመጣ አራት ጀሪካን ይዘህ ና። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይደርሳል?»

መልሱ ይህ ነበር፦ «እንቅልፍ ጣለኝ። አራት አልችልም፣ ሦስት አመጣለሁ። አንድ ሰዓት ይሆናል።»

ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ አስተውላችኋል። እሷም ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። እኔ ግን ጥሩ መልስ ነው አልኳት፤ ምክንያት አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው። ስለ ጀሪካን ተጠይቆ ስለ ጀሪካን መለሰ።

መልእክቷን ደግሞ ተመልከቱት፣ ልመና አይደለም። «ብትችል»፣ «ካላስቸገረህ» አላለችም። ብዙዎቻችን ቁጣን ስንተው ወደዚያ ነው የምንሄደው። «ግድ የለም፣ እኔው እሞላዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ መጻፍ እርጋታ አይደለም፤ ቁጣው ነጠላ ለብሶ መጣ እንጂ። አንባቢውም ቁጣውን ያሸተዋል፣ ምን እንደሚፈለግበት ግን አያውቅም። በእሷ መልእክት ውስጥ ስምምነቱ በግልጽ ተጠቅሷል፣ የጠየቀችው ይለካል፣ መጨረሻው ላይም አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄ አለ። «አልሞላህም» በማለት ፈንታ «አልተሞላም» ማለቷም ከንቱ ነገር አይደለም። ግሡ ዓይኑን ወደ በርሜሉ ይመልሰዋል፤ ተራው የማን እንደነበረ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

መልስ ባይመጣስ? እስከ ማታ ጠብቁ፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ሳትጨምሩ ድገሙት። የዝምታ ሰዓት ነው አዲስ ክስ የሚያስጽፈን። «እሺ» እያለ ሦስተኛ ጊዜ ካልሠራ ግን ነገሩ የቃላት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ስምምነቱ ይለወጥ። ለምሳሌ «ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ስላልተሞላ፣ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ከቤት ወጪው ላይ ውኃ ለሚቀዳልን ሰው እንከፍላለን። ሌላ ሐሳብ ካለህ እሑድ ከምሳ በኋላ እንነጋገር» ማለት ይቻላል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ከጻፋችሁት ግን አድርጉት። ሦስት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ምንም ያላደረገን መሥሪያ ቤት ማንም ደንበኛ አይከፍለውም።

ይህ የማይሠራበት ቤትም አለ። ባል የሚማታ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ፣ ሴትየዋ የምትጽፈውን ቃል በማሳመር ምንም አይለወጥም፤ ጥፋቱም ከአጻጻፏ አልመጣም። እንዲህ ያለ ነገር ያለባት እህት ከስብሰባው በኋላ ከኮሚቴው አንዷን ለብቻዋ ታነጋግር። የቀራችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጡና ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁትን አንድ መልእክት ከጎናችሁ ካለችው ጋር ሆናችሁ እውነታውንና ክሱን ቁጠሩ። ሻዩ እስኪፈላ አሥር ደቂቃ አለን።