ለአንድ የእህል መጋዘን ኃላፊ ሽኝት የተደረገ ንግግር



ዛሬ በጡረታ የሚሰናበቱት የመጋዘን ኃላፊ ሥራ የጀመሩት በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በወሎ ነው። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙም አደረጃጀቱም ደጋግሞ ተለውጧል፤ እሳቸው ግን ከእህል ጆንያ አልተለዩም።

ስለዚያ ዘመን ሲነገር አውሮፕላኑ፣ የጭነት መኪናውና የመጠለያው ድንኳን ይታወሳሉ፤ መጋዘኑን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ባሕር አቋርጦ አሰብ የደረሰ ስንዴ፣ ለተረጂው ሊታደል የአንድ ቀን መንገድ ሲቀረው በእርጥበት ሊጠፋ ይችላል። የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ትግል ከዚሁ ጋር ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት የሆነውን መጥቀስ ይበቃል። ሸራቸው የተቀደደ የጭነት መኪናዎች ባለ 50 ኪሎ 300 ጆንያ ስንዴ ይዘው በዝናብ ገቡ። ሕዝቡ በደጅ ይጠብቃል፤ ትእዛዙም ሁሉንም አራግፋችሁ ከምሩ የሚል ነበር። እሳቸው ግን እርጥቡ ከደረቁ ጋር ከተከመረ ክምሩ ከውስጥ ሞቆ እንደሚሻግት ያውቁ ነበር። ስለዚህ በደረቅ ጠርሙስ ስንዴ አድርገው የደረቀ ጨው ጨመሩበት፤ ነቅንቀውም ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ለክምችት አይሆንም። ከየጆንያው በዚህ መንገድ እየፈተኑ ደረቁን ለይተው በዚያው ቀን እንዲታደል አደረጉ። ለእርጥብነት የተለየው 47 ጆንያ ሆነ።

ይህ በቀን ግማሽ ኪሎ ሂሳብ ከ150 በላይ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነበር። እንዲጣል አልፈቀዱም። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በሸራ ላይ እያሰጡ፣ ደመና ሲመጣ እየሰበሰቡ፣ በአራት ቀን ውስጥ 38ቱን አዳኑ። ሻጋታ የያዛቸውን 9 ጆንያዎች ግን ለምኖ የሚወስድ እያለ እንኳ ለማንም አልሰጡም፤ የሻገተ እህል የተራበን ሰው ይበልጥ ይጎዳልና። በመዝገቡ ላይ ከጆንያው ቁጥር ጎን «የ30 ሰው ወር» ብለው ጽፈው ፈረሙበት።

ከዚያ በኋላ የጎደለውንና የተበላሸውን ሁሉ በሰው ቁጥር መጻፍ ልማዳቸው ሆነ። የተቸኮለ አለቃ ሁሉ አልወደዳቸውም፤ ጎድሎ የመጣ ጭነት ሙሉ ነው ብለው እንዲፈርሙ የጠየቃቸው ሾፌርም ባዶ እጁን ተመልሷል። ጆንያ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሬት በእንጨት ርብራብ ተነሥቶ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ማስተማራቸውን በርካታ ወጣት ንብረት ክፍሎች ይመሰክራሉ።

ርክክቡ የተፈጸመው ትናንት ነው። ቆጠራው ሙሉ ቀን ፈጅቶ መዝገቡና ክምሩ ተመሳክረዋል። ለተተኪያቸው ከቁልፉ ጋር ጠርሙሱንም አስረክበዋል።